ወታደሩ ኤ ስድስት ላይ ቆሞ ሳለ

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ቡሎን የቸገረው ሰው «ጠና ጋ ሂድ» ይባላል። ሌላ አድራሻ አያስፈልግም። የጠና ሱቅ ጠባብ ናት፤ ሁለት ወፍራም ሰዎች ከገቡ አንዱ ወጥቶ መጠበቅ አለበት። ከባንኮኒው ኋላ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ መሳቢያዎች አሉ፤ ስምንት ቁጥር፣ አሥር ቁጥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት። ጠና ዞር ሳይል እጁን ወደ ኋላ ሰዶ የተጠየቀውን ቡሎን ከነዳዶው ያወጣል። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቷት ሱቅ ናት፤ እሱ ደግሞ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። ከገጠር የመጣውን በሀዲይኛ፣ ሌላውን በአማርኛ፣ የሚከራከረውን ደግሞ በዝምታ ያስተናግዳል።

ዕድሜው ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነው። ሁለት ነገር ይወዳል፤ ባለቤቱን ትርፌንና ቼዝን። ትርፌ ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆኑን ትጠራጠራለች። እውነቱን እንናገር ካልን ጥርጣሬዋ መሠረት የለውም አይባልም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሱቁን ሲዘጋ ቀጥ ብሎ የሚገባው አሕመዲን ሻይ ቤት ነው፤ እዚያ የእንጨት ቼዙ ይጠብቀዋል። ቼዙ የራሱ ነው። አንዱ ጥቁር ሩክ፣ ያ በቀጥታ መስመር የሚሄደው ግንብ፣ ከጠፋ ቆይቷል፤ በሱ ፈንታ ጠና ከሱቁ አንድ አሥራ አራት ቁጥር ቡሎን አምጥቶ በጭንቅላቷ አቁሟታል። በሰው እጅ ብዛት ጥርሶቿ አልቀው፣ ወዝ ጠጥታ ታብረቀርቃለች። እንግዳ ሰው ሲስቅባት የሻይ ቤቱ ሰዎች ይቆጣሉ፤ ብዙ ጨዋታ ያሸነፈች ሩክ ናት።

ከቡሎኗ ማዶ የሚቀመጠው ተገኘ ነው፤ የሒሳብ መምህር። ወላጆቹ ለሥራ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እሱና ጠና በመልክም በጠባይም አይገናኙም። ተገኘ ቀጭንና አንደበተ ርቱዕ፣ ጠና ድፍንና ዝምተኛ። ግን የጠና ልጅ የተዳረች ቀን ድንኳኑን የተከለው ተገኘ ነው፤ የተገኘ እናት ሲያርፉም ሦስት ቀን ሱቁን ዘግቶ ለቅሶ ቤት የዋለው ጠና ነው። በዚህ ከተማ ወንድምነት የሚለካው እንዲህ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አብረው አንድ ነገር አግኝተው ነበር። በቼዝ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ለአንዱ ወገን አንድ ወታደርና አንድ ሩክ፣ ለሌላው አንድ ሩክ ብቻ ሲቀር፣ «ሩክህን ከወታደሩ ኋላ አቁም» የሚለውን ሁሉም ያውቃል፤ እንደ አባት ምክር ነው። ተገኘ በዚያች ቡሎን ሲከላከል፣ ጠና ሲያጠቃ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲታገሉ ከረሙና ቡሎኗ ከወታደሩ ኋላ ወጥታ በጎን ብትመጣ ጨዋታው አቻ እንደሚሆን ደረሱበት። በትልልቆቹ መጻሕፍት ድሮ የተጻፈ ነገር መሆኑን በኋላ ሰሙ። ግን በሆሳዕና የሚያውቀው አልነበረም። «የጎን በር» ብለው ስም አወጡለት። «ለሰው አናሳየውም፤ አንድ ቀን ያስፈልገናል» ያለው ተገኘ ነበር።

ዘንድሮ የዞኑን አራት ተጫዋቾች ለመምረጥ ውድድር ተካሄደ። አራቱ የዞኑን ቱታ ለብሰው ወደ ክልል ውድድር ይሄዳሉ። ይህ ለጠና ተራ ነገር አልነበረም። ከአምስት ዓመት በፊት ተጠባባቂ ሆኖ ተመርጦ፣ ትርፌ ሸሚዙን ተኩሳ፣ ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ከደረሰ በኋላ «ጋሽ ጠና፣ ወንበር ሞላ» ተብሎ ተመልሷል። ከመናኸሪያው እስከ ሱቁ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም፤ ያን ቀን ግን ሻንጣ ይዞ ሲያልፍ ያላየው ሰው የለም። ሳምንቱን ሙሉ «ከጉዞ መቼ ተመለስክ?» እያሉ አሾፉበት። ሳቀ። ምን ያድርግ? ሻንጣውን ግን አልጋ ሥር ከከተተው ወዲህ አላወጣውም።

የዘንድሮው ውድድር ሲያልቅ ሦስቱ ቦታዎች ተያዙ። ለአራተኛው የቀሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ጠናና ተገኘ። ተገኘ ጨዋታዎቹን ጨርሶ አምስት ተኩል ነጥብ አለው። ጠና አምስት ነጥብ ይዞ አንድ ጨዋታ ይቀረዋል። ካሸነፈ ስድስት ይሆንና ይሄዳል። አቻ ከወጣ እኩል ይሆናሉ፤ እርስ በርስ ሲጫወቱ ያሸነፈው ተገኘ ስለሆነ የሚሄደው ተገኘ ይሆናል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ግማሽ ነጥብ።

«እኔን አታስበኝ» ብሎት ነበር ተገኘ፣ ሻዩን እያማሰለ። «የማርመው የፈተና ወረቀት ተራራ ነው። ቢሰጡኝም አልሄድ። አሸንፍና ሂድ፤ ያ ሻንጣ ይውጣ።»

የሻዩን ሒሳብ ያን ቀን ጠና ከፈለ።

የመጨረሻ ጨዋታው ከሾኔ ከሚመጣው ከሊሻን ጋር ነበር። ሊሻን የጤና ጣቢያ ነርስ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ፈጣን፣ ፈገግተኛ። እሑድ ከሰዓት በወጣት ማእከሉ አዳራሽ ተቀመጡ። ጠና ነጭ ነበር። አራት ሰዓት ያህል ተፋለሙ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የሾኔ የመጨረሻ መኪና ሊወጣ ስለሆነ ዳኛው አቶ ወንዳፈረው እንደ ልማዱ ሰዓቱን አቆመ። ሌላ አገር ተረኛው ቀጣይ እንቅስቃሴውን ጽፎ በፖስታ ያሽጋል አሉ። እዚህ ግን የመኪና ነገር ስለሆነ አቀማመጡ በወረቀት ይሰፍራል፣ ሁለቱ ይፈርማሉ፣ «የነጭ ተራ» ተብሎ ይጻፋል፣ ለሚቀጥለው እሑድ ይቀጠራል። ስለዚህ ጠና የሚያስብበት አንድ ሳምንት ሙሉ አገኘ። በኋላ ሲታሰብ ሳምንት ባይሰጡት ይሻለው ነበር።

ሰሌዳው ላይ የቀረው ጥቂት ነው። የጠና ወታደር በግራው ጠርዝ ዐምድ፣ ከታች ስድስተኛው ቤት፣ ኤ ስድስት ላይ ቆሟል። ከፊቱ የሚያግደው የጥቁር ወታደር የለም፤ አልፏል። ሁለት እርምጃ ከሄደ ንግሥት ይሆናል። የጠና ሩክ ከወታደሩ ፊት ጥግ ላይ፣ ኤ ስምንት ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። የጠና ንጉሥ ግን ሩቅ ነው፤ በሌላው ወገን ኤፍ ሦስት ላይ። የሊሻን ሩክ ከወታደሩ ኋላ፣ ታች ኤ አንድ ላይ። ንጉሡ ጂ ሰባት ላይ።

ጥያቄው አንድ ነው። ወታደሩን አሁኑኑ ወደ ኤ ሰባት ልግፋ፣ ወይስ መጀመሪያ ንጉሡን ለድጋፍ ላምጣ?

መግፋቱ ያጓጓል። ወታደሩ ኤ ሰባት ከደረሰ ወጥመድ ተዘረጋ ማለት ነው። የሊሻን ንጉሥ አንድ እርምጃ ወደ መሃል፣ ኤፍ ሰባት ላይ ከወጣ የጠና ሩክ ወደ ማዶው ጥግ፣ ኤች ስምንት፣ ይወረወራል። ሊሻን ወታደሩን ቢበላ ሩኩ በኤች ሰባት ንጉሡን አስፈራርቶ ቼክ ይልና የጥቁሩን ሩክ ይወስዳል፤ ባይበላ ወታደሩ ንግሥት ይሆናል። ነገር ግን ሊሻን ንጉሡን ካላነቃነቀ መግፋቱ መጥፎ ነው። የጠና ንጉሥ በኋላ ለማገዝ ቢመጣ ከታች በሚመጣ ቼክ ይባረራል፤ መደበቂያ የለውም፤ መደበቂያ የሚሆነውን ኤ ሰባትን የራሱ ወታደር ይዞታልና።

ወታደሩን ኤ ስድስት ላይ ትቶ ንጉሡን ካመጣ ግን ያ ቤት ክፍት ነው። ንጉሡ ከወታደሩ ፊት ኤ ሰባት ላይ ይገባል፤ ከኋላ የሚመጣ ቼክ ሁሉ በወታደሩ ጀርባ ይመታል። ያኔ ሩኩ ከጥጉ ይወጣል፣ ጨዋታውም ያልቃል። ይህ የሚሠራው ግን ሊሻን የጎን በርን ካላወቀ ነው። በጎን ለሚመጣ ቼክ ያ ቤት ግድግዳ የለውም።

እንግዲህ ሁለቱም መንገድ በትክክል ለሚከላከል ሰው አቻ ነው። ሊሻን የማያውቀው የትኛውን ነው? ሳምንቱን ሙሉ የጠና ራስ ውስጥ የከረመው ይኼ ጥያቄ ነው።

ሰኞ ለተገኘ ልቡን ከፈተለት። ቡሎኗን በጥቁሩ ሩክ ቦታ አቁመው አቀማመጡን ሠሩት።

«እኔ ልገፋ ነው» አለ ጠና። «ልጁን አይቼዋለሁ። ንጉሡን ማስቀመጥ አይችልም። ጊዜ ባገኘ ቁጥር ወደ መሃል ያመጣዋል። ከኔ ጋር ብቻ አይደለም፤ በሦስት ጨዋታ አየሁት። ከገፋሁ ንጉሡን ሊያስጠጋ ይመጣል፣ ያኔ ያዝኩት።»

ተገኘ መነጽሩን አወለቀና ጠረገው። ሲያስብ እንዲህ ያደርጋል፤ ጠና ሃያ ዓመት አይቶታል።

«አትቸኩል። ልተኛበት» አለ። «ነገ ግን የለሁም። ፎንቆ ለቅሶ አለብኝ፤ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አማት አርፈዋል።»

«ነፍስ ይማር» አለ ጠና። እንዲያውም ለመኪናው እንዳይዘገይ ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘው። ግርግሩ ውስጥ ስለተለያዩ የትኛው መኪና ላይ እንደወጣ አላየም። ለምን ብሎ ያያል?

ረቡዕ ተገኘ ተመለሰ። ከመቀመጡ እጁ ወደ ነጩ ንጉሥ ሄደ።

«ንጉሡን አምጣ» አለ። «ያቺን የጥግ ወጥመድ እኮ የማያውቅ ተጫዋች የለም፤ ልጁ ሕፃን አይደለም። የጎን በሩን ግን ከኔና ካንተ በቀር በዚህ ዞን የሚያውቅ የለም። ሩኩን ከወታደሩ ኋላ አቁሞ ይጠብቅሃል፤ አንተ ቀስ ብለህ ቤትህ ትገባለህ።»

«ንጉሡን እንደሚያስጠጋ ግን እርግጠኛ ነኝ።»

«አንድ ጊዜ ከገፋህ ወታደሩ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ቤትህን በገዛ እጅህ ዘጋህ ማለት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህም? ብቻውን የተላከ ወታደር የጠላት ቀለብ ነው። መጀመሪያ ድጋፍ።» ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ጠናዬ፣ እመነኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ጠና ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ አየ። ልቡ «ግፋ» ይለው ነበር። ይህን በኋላ ለትርፌ ነግሯታል፤ ልቡ እስከ መጨረሻው «ግፋ» ይለው ነበር። ግን ተገኘ የሒሳብ ሰው ነው፣ ተገኘ የተማረ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተገኘ ተገኘ ነው። አንድ ሰው ሃያ ዓመት ከፊትህ ተቀምጦ ካየኸው ከራስህ ልብ ይልቅ እሱን ታምናለህ። ሞኝነት ነው? ምናልባት። ግን እንዲህ ያልሆነ ወዳጅነት ምኑን ወዳጅነት ሆነ?

ቅዳሜ ትርፌ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን አራገፈች። «ገና ነው እኮ» አላት። «ሻንጣው ይናፈስ ብዬ ነው» አለች። ሸሚዙንም ተኮሰችው። ጠና አልከለከላትም።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ አቶ ወንዳፈረው ከወረቀቱ እያነበበ ዕቃዎቹን ደረደረ፣ ሁለቱም ፊርማቸውን አዩ፣ ሰዓቱ ተነሣ። የጠና እጅ ወደ ወታደሩ ሄደ። ሊነካው የጣት ስፋት ሲቀረው ቆመ። በቼዝ የነኩትን መጫወት ግዴታ ነው። እጁን ሰበሰበና ንጉሡን አንሥቶ ኤ ስድስት ላይ ወዳለው ወታደር አንድ እርምጃ አስጠጋው፤ ኢ አራት።

ሊሻን ብዙ አላሰበም። ሩኩን ከታች አምጥቶ ኤ አምስት ላይ፣ ከወታደሩ ሥር አቆመው። ጠና ደስ አለው፤ ገና ከኋላ ነው። ንጉሡን ዲ አራት አደረሰ። ሊሻን ሩኩን አንድ ቤት ወደ ጎን፣ ቢ አምስት፣ አንሸራተተ።

ይህ ምንም ላይሆን ይችላል አለ ጠና ለራሱ። ንጉሡን ሲ አራት አስገብቶ ሩኩን አስፈራራው። ሊሻን ሩኩን በዚያው መስመር ወደ ማዶ ወሰደው፤ ኤፍ አምስት። ጠና ንጉሡን ቢ አራት ሲያስገባ ሊሻን ሩኩን አንድ ቤት ከፍ አድርጎ ኤፍ ስድስት ላይ አቆመው፤ ከወታደሩ ጋር በአንድ መስመር፣ በጎን።

የጎን በር ተከፈተ።

ጠና ሰሌዳውን ሳይሆን የሊሻንን እጅ ማየት ጀመረ። ከሳምንት በፊት ይህ ልጅ ሩኩን ከወታደሩ ኋላ አንድ ቤት ሳያነቃንቅ የተቀመጠ ልጅ ነበር። በሳምንት ውስጥ ይህን ብቻውን ሊያገኘው ይችላል? እሱና ተገኘ እንኳ ሁለት ሆነው ሦስት ቀን ፈጅቶባቸዋል። ደግሞ ልጁ አይፈልግም፣ አያስብም፤ የተሸመደደ ነገር እንደሚያነበንብ ተማሪ ነው የሚጫወተው። ቅደም ተከተሉ ራሱ፣ መጀመሪያ ኤ አምስት፣ ከዚያ ቢ አምስት፣ ከዚያ ኤፍ አምስት፣ ያ በቡሎኗ የተሠራው ቅደም ተከተል ነው።

ቢሆንም ሞከረ። ንጉሡን ቢ አምስት ሲያደርስ በጎን ቼክ መጣ። ቢ ስድስት ሲወጣ ቼክ። ተስፋ ቆርጦ ያን ሲመኘው የሰነበተውን ኤ ሰባትን ገባበት፤ ሩኩ ወደ ኤፍ ሰባት ወጥቶ በጎን ቼክ አለው። ቤቱ ግድግዳ አልነበረውም። ተመለሰ፣ ቼክ፤ ገባ፣ ቼክ። አንድ ዓይነት አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ሲደገም አቶ ወንዳፈረው ሰዓቱን አቆመና «አቻ» ብሎ ጻፈ። ወታደሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ኤ ስድስት ላይ እንደቆመ ነው።

ሊሻን በደስታ እጁን ዘረጋ። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ጠና። ባለፈው እሑድ ተሸንፌያለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት።»

«ማን አሳየህ?» አለ ጠና። ድምፁ ራሱን አስገረመው፤ ረጋ ያለ ነበር።

ልጁ የሚደብቀው ነገር እንዳለ እንኳ አያውቅም። «መምህር ተገኘ ናቸዋ! ማክሰኞ ሾኔ ድረስ መጥተው። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተቀምጠን አስተማሩኝ። እንዴት ያሉ ሰው ናቸው! እኔ እኮ የፈራሁት እርስዎ ወታደሩን እንዳይገፉ ነበር። ቢገፉ ንጉሤን ወደ መሃል ላስጠጋ ነው ብዬ ነገርኳቸው። አሁን ከጨዋታው በፊት ቤቴ ስሠራው ነው ያየሁት፤ እንዲያ ባደርግ ሩክዎ ወደ ጥግ ይሄድና አልቆልኝ ነበር። ግን መምህር ለምን እንዳላሳዩኝ ገባኝ፤ ያን ስነግራቸው ሳቁና 'አይገፋም። እሱን ለኔ ተወው' አሉኝ።»

ጠና ወንበሩን ይዞ ቆመ። መሸነፍ ያውቃል፤ ቼዝ የተጫወተ ሁሉ ያውቃል። ይህ ግን ሌላ ነው። ተገኘ ለልጁ የጥጉን ወጥመድ እንኳ ማስጠንቀቅ አላስፈለገውም። ጠና እንደማይገፋ ያን ያህል እርግጠኛ ነበር። የሸጠው የጎን በሩን አይደለም፤ የጠናን እምነት ነው፤ እንደ ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ተጠቀመበት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፤ ሲሉ ሰምቶ ያውቃል፤ እንዲህ አጥንት ውስጥ እንደሚገባ ግን የነገረው የለም።

«ጎበዝ ልጅ ነህ» አለው ሊሻንን። ልጁ ምንም አላጠፋም። «መኪናህ እንዳታመልጥህ።»

አሕመዲን ሻይ ቤት ተገኘ ቦታው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሰሌዳውም ተደርድሮ፣ ቡሎኗም ጥግ ላይ ቆማ።

«እህ፣ እንዴት ሆነ?» አለ።

ጠና አልተቀመጠም። «የፎንቆ ለቅሶ እንዴት ነበር?»

«ያው ለቅሶ ነው...»

«ቀብሩ ሾኔ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

የተገኘ እጅ ወደ መነጽሩ ሄደ። አወለቀው፣ ግን አልጠረገውም። አሕመዲን ብርጭቆ ማጠቡን አቆመ።

«ጠና፣ ስማኝ» አለ ተገኘ በመጨረሻ። «እኔም ሃምሳ ሊሞላኝ ነው። ጠመኔ ስቅም ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እኔም እኮ አንድ ቀን... ለማለት አፈርኩ። አንተ ያን ሻንጣ እያነሣህ፣ እኔ እንዴት ልሂድ ልበል?»

«ብትለኝ እምቢ እልህ ነበር?»

ተገኘ መነጽሩን ሰሌዳው አጠገብ አስቀመጠ።

«ልሂድ ብትለኝ እኮ እለቅልህ ነበር» አለ ጠና፤ ዓይኑ ሞላ፣ አልደበቀውም። «ጨዋታውን ራሱ አቻ አወጣልህ ነበር። ሸሚዜን አውልቄ እሰጥህ ነበር። አንተ ግን እንድለግስህ አልፈለግክም፤ ልትሰርቀኝ ፈለግክ። ትከሻዬን እየመታህ።»

ጎንበስ ብሎ ቡሎኗን ከሰሌዳው ላይ አነሣና ኪሱ ከተታት። ሌላውን አልነካም። ሠላሳ አንዱን ዕቃ ትቶላቸው ወጣ። ቤት ሲደርስ ሻንጣው ሳሎን ውስጥ ነበር። ትርፌ ፊቱን አየችና ወስዳ አልጋ ሥር መለሰችው። ያኔ ነው ያለቀሰው።

በነጋታው ሱቁን በሰዓቱ ከፈተ። ቡሎኗን አሥራ አራት ቁጥር መሳቢያ ውስጥ ጣላት። ከረፋዱ በኋላ አንድ የባጃጅ ሹፌር ተቻኩሎ መጣና አሥራ አራት ቁጥር ጠየቀው። ጠና እንደ ልማዱ ዞር ሳይል እጁን ወደ ኋላ ላከ። ጣቶቹ ከስንት ቡሎን መሃል ለስላሳዋን አገኟት። ትንሽ ያዛት።

«አሮጌ አይደለችም እንዴ? ጥርሷ አልቋል» አለ ሹፌሩ።

«ታገለግላለች» አለ ጠና፣ ዳዶ ፈልጎ አጠበቀባትና ሰጠው። ዋጋዋን አልተቀበለም።

ሐሙስ ዕለት ተገኘ መጣ። የዞኑን ቱታ ለብሶ ነበር፤ ለነገው ጉዞ ይለምደው ይሆናል። በሩ ላይ ቆመ። ያልገባሁት ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ነው ማለት ይችላል።

«ጠና» አለ። «መቆጣትህ ልክ ነው። ግን እኛ ስንት ያሳለፍን ሰዎች ነን... ከመሄዴ በፊት ትንሽ ብንጫወት ብዬ ነው። ሻይ ቤት ሩክ ጠፍቶ ሰዉ ሁሉ ሥራ ፈትቷል። ቡሎኗን አምጣትና...»

«ተሰጠች» አለ ጠና።

«ለማን?»

«ለሚያስፈልገው ሰው። ባጃጅ ላይ ታስራ እየሠራች ነው።»

ጠና ከባንኮኒው ኋላ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሁለት እጁ ባንኮኒው ላይ፣ ፊቱ ለማያውቀው ደንበኛ እንደሚያሳየው ፊት ትሑት ነው።

«ሌላ የሚፈልጉት ዕቃ አለ፣ መምህር?» አለው።